መኪናው ከመገልበጡ በፊት ስንት ያወጣ ነበር?

ግንቦት ላይ ከአሶሳ የሚወጣ አይሱዙ አብዛኛውን ጊዜ የጫነው ማንጎ ነው። ጭነቱ በባምባሲና በመንዲ አድርጎ፣ ጊምቢንና ነቀምትን አልፎ አዲስ አበባ ለመድረስ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። ማንጎ ቀን አይሰጥምና ሹፌሩ ሌሊቱን ይነዳል። በዚህ መንገድ ላይ መኪና ሲገለበጥ የመጀመሪያው ጥያቄ ሰው ተርፏል ወይ ነው። ከሳምንታት በኋላ የሚመጣው ሁለተኛው ጥያቄ ግን ባለንብረቱን ለወራት እንቅልፍ ይነሳዋል፤ ኢንሹራንሱ መኪናውን ስንት ገመተው?

ግምቱ ሲነገር የሚከተለው ንግግር በየቅርንጫፉ አንድ ዓይነት ነው። ባለንብረቱ፣ «ይሄ ገንዘብ ግማሽ መኪና አይገዛም» ይላል። የኩባንያው መሐንዲስ፣ «ጋሼ፣ እርስዎ የሚሉት የዛሬውን ዋጋ ነው፤ የገዙት ግን በዚህ አልነበረም» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም ከልባቸው ነው የሚናገሩት፤ የሚያወሩት ግን ስለተለያየ ቁጥር ነው። በእኔ ግምት ከእነዚህ ክርክሮች ብዙዎቹ የሚበላሹት ከዚህ ላይ ነው። «ዋጋ» የሚባለው ቃል ቢያንስ ሦስት ነገር ተሸክሞ ይዞራል። አንደኛው መኪናው የተገዛበት ዋጋ ነው። ሁለተኛው ፖሊሲው ላይ የተጻፈው፣ አረቦን የተከፈለበት የመድን መጠን ነው። ሦስተኛው መኪናው አደጋው በደረሰበት ዕለት፣ ከአደጋው ቀደም ብሎ ገበያ ላይ ቢወጣ ያወጣ የነበረው ነው።

ሕጉ የሚጠይቀው ሦስተኛውን ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ በአንቀጽ 678 የንብረት መድን የካሳ ውል መሆኑን፣ ካሳውም ንብረቱ ጉዳቱ በደረሰበት ዕለት ከነበረው ዋጋ ሊበልጥ እንደማይችል ይደነግጋል። በ2013 ዓ.ም. አዲስ የንግድ ሕግ ቢወጣም ስለ ኢንሹራንስ የሚናገረው የአሮጌው ክፍል አልተሻረም፤ ዛሬም የምንሟገተው በእሱ ነው። ስለዚህ ማንም በአደጋ ሊያተርፍ አይችልም። ይህ ለኩባንያው የሚጠቅም መስሎ ይታያል። ግን በሌላ በኩልም ይቆርጣል፤ መለኪያው የአደጋው ዕለት ከሆነ፣ የግዢው ዕለት ዋጋ መለኪያ መሆኑ ይቀራል። የመሐንዲሱ «የገዙት በዚህ አልነበረም» የሚለው መልስ በሕጉ ሚዛን ላይ ክብደት የለውም።

ችግሩ ከፖሊሲው ወረቀት ይልቅ ወረቀቱ የተወለደበት አገር ላይ ነው። የመኪና ፖሊሲያችን አነጋገር በአብዛኛው ከውጭ የተቀዳ ነው፤ በዚያ አገር አዲስ መኪና ከሱቅ በወጣ በዓመቱ ዋጋው ይወርዳል፣ በየዓመቱም እየቀነሰ ይሄዳል። የእርጅና ቅናሽ የሚባለው ስሌት ለዚያ ገበያ ተስማሚ ነው። እዚህ ግን መኪና እንደ መሬት ሆኖ ኖሯል። በ1985 ዓ.ም. ብር ከዶላር ጋር የነበረው ምንዛሪ ከ2 ብር ከ7 ሳንቲም ወደ 5 ብር ሲገፋ፣ በ2002 ማብቂያ፣ በጥቅምት 2010 እንደገና ሲቀነስ፣ በ2012 የኤክሳይስ ታክስ አዋጁ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ሲጭን፣ እያንዳንዱ ጊዜ ቆሞ የነበረ አሮጌ መኪና ሳይቀር ዋጋው ዘሎ ወጣ። የመጨረሻው ዝላይ ትልቁ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ተነሥቶ ብዙም ሳይቆይ ከ100 አለፈ። የመኪና ደላላ በየሳምንቱ አዲስ ዋጋ ይጠራ ጀመር። በዚያ ሰሞን የዓመት ፖሊሲ በእጁ የነበረ ሰው ሁሉ፣ ሳያውቀው፣ መኪናው ከመድኑ በላይ ሆኖበት አድሯል።

እንግዲህ አንድ መኪና ይዘን ስሌቱን እንሂድበት። ቁጥሮቹ ለማስላት እንዲቀልሉ የተቀመጡ ምሳሌዎች ናቸው። የአሶሳ ነዋሪ የሆነ አንድ ባለንብረት አይሱዙ ኤን.ፒ.አር. የጭነት መኪናውን በሰኔ 2016 ዓ.ም. በ3 ሚሊዮን ብር ሙሉ ኢንሹራንስ አስገባ። ያን ጊዜ መኪናው የሚያወጣው ያንኑ ነበር። በግንቦት 2017፣ ውሉ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣ ማንጎ እንደጫነ ባምባሲን አልፎ ቁልቁለት ላይ ፍሬን አልይዝ ብሎት ተገለበጠ። ሹፌሩ ተረፈ። ካቢናው ተጨፍልቋል፣ ሻንሲው ተጣሟል፣ ራዲያተሩና ካሶኒው አገልግሎት አይሰጡም፤ ሞተሩና ካምቢዮው ግን ደህና ናቸው። በገበያ ተመሳሳይ መኪና በዚያ ወር 4 ሚሊዮን ያወጣል እንበል።

ባለንብረቱ ለቅርንጫፉ ያመለክታል፤ የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርት፣ መንጃ ፈቃድ፣ ሊብሬና የካሳ መጠየቂያ ቅጽ ያቀርባል። በውሉ የተቀመጠችው የማሳወቂያ ጊዜ አጭር ስለሆነች ወዲያው ነው መሄድ ያለበት። መሐንዲስ መጥቶ የሚቀየረውንና የሚጠገነውን ይዘረዝራል። ዝርዝሩ ለጋራዦች ይላካል፤ እነሱም ዋጋ ያቀርባሉ፤ ዝቅተኛው ይያዛል። በእኛ ምሳሌ ጥገናው 1 ሚሊዮን 800 ሺህ ብር ሆነ። ከዚያ መሐንዲሱ የመኪናውን የገበያ ዋጋ 2 ሚሊዮን 400 ሺህ ብር ብሎ ጻፈ።

የሰው ዓይን የሚያርፈው በመጨረሻው ቁጥር ላይ ነው። ያ ቁጥር ግን የካሳውን መጠን ከመወሰኑ በፊት የካሳውን ዓይነት ይወስናል። የጥገናው ወጪ ከመኪናው ዋጋ የተወሰነ ድርሻ ካለፈ ኩባንያው መጠገኑን ትቶ «ሙሉ ውድመት» ይላል፤ በጋራዥ አፍ «ቶታል ሎስ»። 1.8 ሚሊዮን ከ2.4 ሚሊዮን ሦስት አራተኛው ነው፤ መኪናው «ሞተ» ተባለ። ከ4 ሚሊዮን ጋር ሲነጻጸር ግን ከግማሽ በታች፣ 45 በመቶ ብቻ ነው፤ ያ መኪና ይጠገናል። ስለዚህ ዝቅተኛው ግምት መኪናውን ገደለው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የኩባንያውንም ኪስ እንየው። በራሱ ግምት ቢጠግን 1.8 ሚሊዮን ያወጣል። ሙሉ ውድመት ብሎ 2.4 ሚሊዮን ከፍሎ ቅሪቱን፣ ማለትም ሳልቬጁን፣ በጨረታ በ700 ሺህ ቢሸጥ የሚወጣበት 1.7 ሚሊዮን ነው። መቶ ሺህ ያተርፋልና ሙሉ ውድመትን ይመርጣል። ይህን ስሌት ለመሥራት ክፉ መሆን አያስፈልግም፤ ማንም የሒሳብ ሰው እንዲሁ ያደርጋል።

አሁን ባለንብረቱ ግምቱን ተቃወመና በትክክለኛው ዋጋ፣ በ4 ሚሊዮን፣ እንደገና ተሰላ እንበል። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚደናገጠው። ንግድ ሕጉ፣ ውሉ በሌላ መልክ ካልደነገገ በቀር፣ ንብረቱ ከመድኑ መጠን በላይ ዋጋ ካለው ባለንብረቱ ለልዩነቱ የራሱ መድን ሰጪ ነው ይላል፤ ከጉዳቱም ተመጣጣኙን ይሸከማል። 4 ሚሊዮን የሚያወጣ መኪና በ3 ሚሊዮን ብቻ ስለገባ፣ ኩባንያው ከጥገናው ሦስት አራተኛውን ይከፍላል፤ 1 ሚሊዮን 350 ሺህ። የቀረውን 450 ሺህ፣ በውሉ ላይ ካለው የራስ ድርሻ ወይም ኤክሰስ ጋር፣ ባለንብረቱ ይሸፍናል። መኪናው ግን ተጠግኖ እጁ ይገባል። በመጀመሪያው ግምት ቢስማማ ኖሮ 2.4 ሚሊዮን ይዞ 4 ሚሊዮን የሚጠይቅ ገበያ ፊት ይቆም ነበር።

የሚገርመው ይህ አካሄድ ለኩባንያውም ርካሽ መሆኑ ነው፤ 1.35 ሚሊዮን ከ1.7 ሚሊዮን ያንሳል። ዝቅ ያለው ግምት ሁለቱንም ጎድቷል። ቅርንጫፉ ይህን ያላየው ሌላኛውን ስሌት ማንም ስላልሠራው ነው።

በዚሁ ስሌት ውስጥ ባለንብረቱን የሚያስጠነቅቅ ነገር አለ። ተናድዶ፣ «መኪናዬ 5 ሚሊዮን ነው የሚያወጣው» ቢል፣ ማስረጃም ቢያገኝለት፣ የኩባንያው ድርሻ ከአምስት ሦስት እጅ ይሆናል፤ ከጥገናው 1 ሚሊዮን 80 ሺህ ብቻ። ከፍ ባደረገው ቁጥር ከራሱ ኪስ 270 ሺህ ጨመረ ማለት ነው። ጉዳቱ በከፊል ሲሆን የገበያው ዋጋ ከመድኑ መጠን በላይ በወጣ ቁጥር ካሳው ይወርዳል። ጉዳቱ ሙሉ ውድመት ከሆነ ደግሞ የቱንም ያህል ቢከራከር በፖሊሲው ላይ ከተጻፈው 3 ሚሊዮን በላይ አያገኝም። ስለዚህ አቤቱታ ከመጻፍ በፊት የሚሠራው ነገር ካልኩሌተር ይዞ መቀመጥ ነው፤ የምጠይቀው ጥገና ነው ወይስ ሙሉ ካሳ፣ የያዝኩት ማስረጃስ ወዴት ይወስደኛል።

ከኩባንያው ወገንም የሚያዝ ነገር አለ። አንድ መኪና በአንድ ቀን ሁለት ዋጋ አይኖረውም። ሙሉ ውድመት ሲሆን «2.4 ሚሊዮን ነው የሚያወጣው»፣ በከፊል ሲጎዳ ደግሞ «ከ3 ሚሊዮን በላይ ስለሚያወጣ ድርሻህን ክፈል» የሚል ኩባንያ በራሱ አፍ ተያዘ። ቅሪቱም ምስክር ነው። ባለንብረቱ ቅሪቱን ለራሱ ላስቀር ቢል ዋጋው ከካሳው ይቀነሳል። ቅሪቱ በዛሬ የሶማሌ ተራ ዋጋ ተገምቶ ሙሉው መኪና በአምና ዋጋ ከተገመተ፣ ሁለቱ ቁጥሮች ከአንድ ገበያ አልመጡም። በግምት ወረቀት ላይ ከምፈልጋቸው ነገሮች የመጀመሪያው ይህ ነው።

ለመሆኑ ገማቹ 2.4 ሚሊዮንን ከየት አመጣው? አሶሳ ላይ ስንሆን መልሱ የራሱ ጠባይ አለው። ከተማዋ ባጃጅ እንጂ የጭነት መኪና በብዛት የሚገዛባትና የሚሸጥባት አይደለችም። አንድ ዓይነት ሞዴል በዓመት ስንት ጊዜ ቢሸጥ ነው «የአሶሳ ገበያ» የሚባለው? ስለዚህ ገማቹ ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይ አዲስ አበባ ላለ ደላላ ይደውላል፤ ያ ደግሞ በወረቀት ካልተያዘ የሰማ የለም። ወይ በአካባቢው የተፈጸሙ የሽያጭ ውሎችን ያያል። የሽያጭ ውል መልካም ማስረጃ ይመስላል፤ ችግሩ ግን ሁላችንም የምናውቀው ነው። ታክስና የስም ማዛወሪያ ክፍያ እንዳይበዛ ሻጭና ገዢ ተስማምተው ውሉ ላይ ዝቅ ያለ ዋጋ ያጽፋሉ። ሦስት እንዲህ ያሉ ውሎች ተደምረው ለሦስት ሲካፈሉ የሚወጣው አማካይ ሦስት ጊዜ የተደጋገመ ውሸት ነው። ባለንብረቱም ራሱ ሲገዛ በዚሁ መንገድ አጽፎ ከሆነ፣ ያ ወረቀት ዛሬ ፊቱ ይዘረጋል፤ ያን ጊዜ የዳነ ታክስ አሁን ከካሳው ይቆረጣል።

በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ሌላም ነገር ይታያል፤ ከቀረጥ ነጻ የገቡ መኪኖች። ክልሉ የግብርና ባለሀብቶች፣ የስደተኛ መጠለያዎችን የሚያግዙ ድርጅቶች ያሉበት ነው። ከቀረጥ ነጻ የገባ ፒካፕ ቀረጡ ሳይከፈል ለሌላ ሰው አይሸጥም። ታዲያ የገበያ ዋጋው ቀረጥ የተከፈለበቱ ነው ወይስ ያልተከፈለበቱ? ባለንብረቱ ሌላ ከቀረጥ ነጻ ማስገባት ከቻለ የሚጎዳው ያለ ቀረጥ ዋጋው ብቻ ነው፤ መብቱ ካበቃ ግን ከገበያ ሙሉ ዋጋ ከፍሎ ነው የሚተካው። ይህ ፖሊሲው ሲፈረም፣ የመድኑ መጠን ሲጻፍ፣ በግልጽ ካልተባለ በኋላ የሚያጣላ ነው። በዚህ ነጥብ ላይ ለኩባንያዎቹ ብዙም አልፈርድባቸውም፤ ጥያቄው ራሱ ከባድ ነው።

ሌላው ቀላል ግን የሚደጋገም ስህተት የመኪናው ማንነት ነው። ሊብሬው ላይ ያለው የሥሪት ዘመን ከሻንሲ ቁጥሩ ጋር ካልተመሳከረ፣ ገማቹ በሁለት ዓመት የበለጠ ያረጀ መኪና ይገምታል። ካሶኒው በኋላ ተሠርቶ ከተጨመረና ፖሊሲው ላይ ካልገባ፣ ባዶ ሻንሲና ካቢና ይገመታል። አዲስ ጎማ ያስገባ፣ ሞተር ያስወረደ ሰው ደረሰኙን ካላቀረበ ገማቹ በምን ያውቃል? የእርጅና ቅናሹም ላይ ዓይን ያስፈልጋል። አዲስ ራዲያተር በአሮጌው ቦታ ሲገባ ባለንብረቱ የተሻለ ነገር ስላገኘ ከዕቃው ላይ መጠነኛ ቅናሽ መደረጉ ያለ ነገር ነው። ያንኑ ቅናሽ በጉልበት ዋጋ ላይ፣ በላሜራና በቀለም ሥራ ላይም ማድረግ ግን ሌላ ነው፤ የላሜራ ሠራተኛ ጉልበት አያረጅም።

አቤቱታው እንግዲህ በእነዚህ ላይ ይጻፋል። «ግምቱ ዝቅተኛ ስለሆነ እንደገና ይታይልኝ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ለኩባንያው የሚሰጠው መልስ አንድ ብቻ ነው፤ «ግምቱ ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል»። መጀመሪያ የግምቱ ዝርዝር በጽሑፍ ይጠየቃል፤ መሐንዲሱ ያነጻጸራቸው መኪኖች እነማን ናቸው፣ ዋጋዎቹ የመቼ ናቸው፣ ቅናሹ በስንት በመቶ በምን ላይ ተሰላ። ከዚያ ደብዳቤው እንዲህ ያለ ነገር ሊሆን ይችላል፤

«በግምት ሰነዱ ላይ ለንጽጽር የተወሰዱት ሦስት ሽያጮች ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት የተፈጸሙ ናቸው። አደጋው የደረሰው በግንቦት ወር 2017 ዓ.ም. ነው። በንግድ ሕጉ አንቀጽ 678 መሠረት ዋጋው የሚታየው ጉዳቱ በደረሰበት ዕለት ስለሆነ፣ በዚሁ ወር የተሰጡ ሁለት የሻጭ ፕሮፎርማዎችን፣ የባንክ ግምትና የመኪናውን የጥገና ደረሰኞች አያይዤ አቅርቤያለሁ። እንዲሁም የቅሪቱ ዋጋ በአሁኑ ገበያ ተገምቶ የመኪናው ዋጋ በቀድሞው መገመቱ እንዲታረም እየጠየቅሁ፣ ገለልተኛ ገማች እንዲመደብ አመለክታለሁ።»

ደብዳቤው አይለምንም፣ አይሳደብም። ቀን በቀን ላይ ያስቀምጣል። የባንክ ግምት ያልኩበት ምክንያት አለ። ባንኮች መኪና በመያዣነት ሲይዙ በራሳቸው መሐንዲስ ያስገምታሉ፤ ባንክ ደግሞ ብድሩን ማጣት ስለማይፈልግ ከፍ አድርጎ አይገምትም። እንዲህ ያለ ጥንቁቅ ገማች ከኩባንያው በላይ ጽፎ ከተገኘ ለመካድ ያስቸግራል። መኪናው ብድር ያለበት ከሆነ ወረቀቱ ፋይል ውስጥ ተቀምጦ ይሆናል፤ ባንኩም የካሳው ተጠቃሚ ተብሎ ፖሊሲው ላይ ስለሚጻፍ ለክርክሩ ሸሪክ ነው።

አሶሳ ላይ ገለልተኛ ገማች ማግኘት በራሱ ጉዞ ነው። የጉዳት ገማቾች ከብሔራዊ ባንክ ፈቃድ ያወጣሉ፤ የሚበዙት ግን አዲስ አበባ ናቸው። የገማቹን አበልና ትራንስፖርት ማን ይከፍላል የሚለው አስቀድሞ በጽሑፍ ካልተያዘ፣ ከተጨመረው ካሳ ግማሹ መንገድ ላይ ያልቃል። መኪናውን ራሱን ወደ አዲስ አበባ ማጓጓዝም መፍትሔ አይደለም። አብዛኛው ፖሊሲ የጎታች ወጪን እስከ ቅርብ ጋራዥ ብቻ፣ ያውም በጣሪያ ነው የሚሸፍነው። መንገዱም ሁሌ ክፍት አይደለም። በዚህ ጊዜ ጥሩ ፎቶ፣ የሻንሲ ቁጥሩን፣ የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን፣ የእያንዳንዱን የተጎዳ ክፍል በቀን ብርሃን የተነሣ ፎቶ፣ የመኪናውን ቦታ ይተካል።

ኩባንያው በአቋሙ ቢጸናስ? ከቅርንጫፍ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ማመልከት ይቻላል፤ የካሳ ክፍሎች ከተወሰነ መጠን በላይ ያለውን ጉዳይ ራሳቸው ስለሚያዩ ይህ ለይስሙላ አይደለም። ብሔራዊ ባንክም የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ተቆጣጣሪ ነውና ቅሬታ ይሰማል። ይህን ግን በልኩ መጠበቅ ነው። ባንኩ ኩባንያው አቤቱታን በአግባቡ አስተናግዷል ወይ ብሎ ይጠይቃል እንጂ፣ አይሱዙ ስንት ያወጣል ብሎ አይተምንም። የዋጋ ልዩነት ላይ ብዙ ፖሊሲዎች የግልግል ዳኝነት አንቀጽ አላቸው። እሱን ዘሎ ፍርድ ቤት የሄደ ሰው በመጀመሪያ መቃወሚያ ሊመለስ ይችላልና ውሉን እስከ ጀርባው ማንበብ ያስፈልጋል። ግልግል ዛሬ በ2013 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1237 ይመራል። እንደ እኔ እንደ እኔ ለዋጋ ክርክር ከፍርድ ቤት ይልቅ የተሻለ ነው፤ ምክንያቱም ገላጋዩ ራሱ መኪና የሚያውቅ ሰው ሊሆን ይችላል። ወጪው ግን የማይናቅ ነው፤ የመቶ ሺህ ብር ልዩነት ለግልግል አይበቃም፣ የስድስት መቶ ሺህ ይበቃል።

ሁለት ነገሮች በዚህ ጉዞ ላይ ብዙ ሰው ያደናቅፋሉ። አንዱ ፊርማ ነው። ቼኩ የሚሰጠው ከአንድ ቅጽ ጋር ነው፤ ቅጹ «ይህን ተቀብዬ ከዚህ አደጋ የተነሣ ሌላ ጥያቄ የለኝም» የሚል መንፈስ ያለው ነው። የቤት ኪራይ፣ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የባንክ ዕዳ የሚጠብቀው ሰው ይፈርማል፤ ከፈረመ በኋላ እንደገና ግምት መጠየቅ በሩን ዘግቶ ማንኳኳት ነው። ያላጣሉ ክፍያዎች ካሉ ለእነሱ ብቻ የሚሆን፣ በተቀረው ላይ ያለኝ ጥያቄ እንደተጠበቀ ነው የሚል ጽሑፍ ይጠየቅ። ኩባንያው እምቢ ሊል ይችላል፤ እምቢታውም በደብዳቤ ይያዝ። ሌላው ጊዜ ነው። የንግድ ሕጉ አንቀጽ 674 ከመድን ውል የሚመነጭ ክስ በሁለት ዓመት ይርጋ እንደሚታገድ ይናገራል። ደብዳቤ ሲመላለስ፣ «ጉዳዩ በመታየት ላይ ነው» ሲባል፣ «የሚቀጥለው ሳምንት» ሲባል ሁለት ዓመት ከሚታሰበው ባነሰ ጊዜ ያልቃል። በግንቦት 2017 የተገለበጠ መኪና እስከ ግንቦት 2019 ነው የሚቆጠርለት፤ ቀኑን ቀን መቁጠሪያ ላይ ማክበብ ነውር አይደለም።

ሦስተኛ ወገን ብቻ ያስገባ ባለንብረት በዚህ ሁሉ ውስጥ ቦታ የለውም፤ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የተደነገገው ግዴታ የሌላውን ሰው አካልና ንብረት እንጂ የራሱን መኪና አይሸፍንም። በሁከት ወይም በታጣቂ ጥቃት የወደመ መኪናም ሌላ ጉዳይ ነው። ተራው ሙሉ ኢንሹራንስ እንዲህ ያለውን ስለሚያስቀር በተጨማሪ ክፍያ የሚገዛ የፖለቲካ ሁከትና የሽብር ሽፋን ያስፈልጋል። በመተከልና በካማሺ መንገዶች ለሠሩ ሰዎች ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

ጉዳዩ ዞሮ ፍርድ ቤት ከደረሰ ዳኛው ራሱ አይገምትም፤ ባለሙያ ያዛል። ባለሙያው ትእዛዙን ይዞ ሲመጣ የሚጠይቀው የመጀመሪያ ነገር መኪናው የት ነው የሚል ነው። እዚህ ላይ ስንት ክርክር ወድቋል። ኩባንያው ቅሪቱ እየተበላሸ ነው፣ የጋራዥ የማቆሚያ ኪራይ እየቆጠረ ነው ብሎ በጨረታ ሸጦት ይሆናል። ወይም ባለንብረቱ ራሱ በጋራዡ ባለቤት ልመና ካምቢዮውን አስወርዶ ለሌላ መኪና ሸጦታል። ስለዚህ ከአቤቱታው ጋር አንድ መስመር ይታከልበታል፤ ክርክሩ እስኪያልቅ መኪናው እንዳይሸጥ፣ አካሉም እንዳይፈታ፣ የማቆሚያውን ኪራይ ማን እንደሚችል። አሶሳ ላይ ክረምቱ ረጅም ነው። ከግንቦት እስከ መስከረም ሜዳ ላይ የቆመ የተጨፈለቀ ካቢና ዝገቱ የአደጋው ነው ወይስ የዝናቡ ብሎ ለመለየት ባለሙያውም ይቸገራል። ሸራ አልብሶ ፎቶውን በየወሩ ማንሳት ብዙ ወጪ የለውም።